እትዬ ማስመሪያ እና አባሪ ሁለት

እትዬ ማስመሪያ የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ። ዛሬ ሳስበው አፌን በቆረጠው እላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ግቢው ሁሉ ስቆ ተቀብሎኝ ነበር። የግዥ ክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። አንዲት የእንጨት ማስመሪያ ነበረቻቸው፤ ከሚያነቡት መስመር ሥር ያስቀምጧታል፣ ያነባሉ፣ አንድ መስመር ዝቅ ያደርጓታል፣ እንደገና ያነባሉ። የጓንት ካርቶንም ይሁን የሊፍት ጥገና ውል ልዩነት የለውም። ኮምፒውተር ላይ ማንበብ አይወዱም። ስክሪን ይሸሻል፣ ወረቀት ግን ባለበት ይቆያል ይሉ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይታተማል፣ ይበሳል፣ ፋይል ይገባል።

እኛ የምንሠራው የሰው ፊት ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። በካንሰር፣ በቃጠሎ ወይም በመኪና አደጋ አፍንጫውን ወይም ጆሮውን ላጣ ሰው ከሲሊኮን ሠርተን፣ ቀለሙን ከቆዳው ጋር አስማምተን እንገጥምለታለን። እኔ ቀራጩ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጀሶ ሳቦካ ስለኖርኩ እሳቸውም በበኩላቸው ጀሶው ይሉኛል። አቻ ወጣን። ልዩነቱ እሳቸው ሲጠሩኝ ፈገግ ብለው ነው፤ እኔ ስጠራቸው ግን ከጀርባቸው ነው።

ማስመሪያዋን ከየት እንዳመጧት የነገሩኝ አንድ ቀን ዝናብ በር ላይ ይዞን ነው። ታላቅ ወንድማቸው ዓይነ ስውር ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጋዜጣውን፣ ደብዳቤውን፣ የትምህርት መጽሐፉን የሚያነቡለት እሳቸው ነበሩ። ሰውየው ጆሮው የሚገርም ነው፤ ሐሳቡ ትንሽ ሲሰበር ያውቅና “እህቴ፣ መስመር ዘለልሽ” ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው ማስመሪያ የያዙት። አላገቡም። ወንድማቸውን ትተው የትም እንደማይሄዱ የሚያውቅ ሰው አልጠየቃቸውም፤ የጠየቀም ካለ አልነገሩኝም። ቀን ለእኛ ያነባሉ፣ ማታ ለወንድማቸው ያነባሉ። ኑሯቸው ይኸው ነበር።

እንግዲህ ነገር ከሥሩ ነውና ከስካነሩ ልጀምር። ድሮ አንድ በሽተኛ አፍንጫው በቀዶ ሕክምና ሊነሳ ሲሆን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይመጣና ፊቱ ላይ ጀሶ አፈስሳለሁ። ቅርጹን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ቁስሉ ድኖ፣ ጨረሩ አልቆ፣ ከዓመት በኋላ ሲመለስ የራሱን አፍንጫ አይቼ እሠራለታለሁ። ከዚያ ስካነር መጣ። ፊትን በሁለት ደቂቃ ዞሮ ያነሳል፤ የሚያነሳው ቅርጽ ክላውድ ላይ ይቀመጣል፤ ክላውድ ማለት በኪራይ የምንጠቀምበት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ነው። የጀሶ መደርደሪያዬ ተነቅሎ ክፍሉ የእንግዳ መቀበያ ሆነ። ተናደድኩ፤ ማን ሰማኝ?

ውሉን ያነበቡት እትዬ ማስመሪያ ናቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ሻጩ ወጣት በየቀኑ እየደወለ ሌላው ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚፈርመው ይላቸዋል፤ እሳቸው ሌላው ፊት የለውም ማለት ነው አሉት። እኛንም ሰብስበው አስረዱን። ከዋጋው በፊት የሚታዩ ሦስት ነገሮች አሉ አሉ፤ ሦስቱም አባሪ ሁለት የሚባለው ገጽ ላይ ናቸው። መረጃው የት አገር ይቀመጣል? ልንወስደው ስንፈልግ በምን መልክ ይሰጡናል? ለስንት ጊዜ ያቆዩልናል? ሁለተኛው ላይ የሻጩ የመጀመሪያ ረቂቅ የስምና የቀን ዝርዝር ብቻ እንደሚሰጥ ነበር የሚለው። ቅርጹን በራሱ፣ ማንኛውም ፕሮግራም በሚከፍተው ዓይነት ፋይል፣ በፈለግን ሰዓት እንድናወጣ አስለወጡት። ሦስተኛውን ሰባት ዓመት አስደረጉት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አዛጋ ነበር።

በዚያም አላበቁም። ለሰው የሰጠኸውን አደራ ቅጂውን ራስህ ዘንድ ያዝ ብለው፣ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ አዳዲሶቹ ቅርጾች ወጥተው ቁም ሳጥን ውስጥ በሚቆለፍ ዲስክ ላይ እንዲገለበጡ አዘዙ። ሥራው የኔ ሆነ። በስካነሩ ክፍል በር ላይ አሥራ ሁለት መስመር ያለው ወረቀት ለጠፉ፤ በገለበጥኩ ቁጥር ቀን ጽፌ እፈርማለሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ፋይል አድርገው አዲስ ይለጥፋሉ።

የመጀመሪያውን ሁለት ወር ገለበጥኩ። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ እጄ በሲሊኮን ተለውሶ መታጠብ አለብኝ፣ ዲስኩ አንዳንዴ አልነበብም ይላል። በሦስተኛው ወር ሥራ በዝቶብኝ ነገ እገለብጣለሁ ብዬ ፈረምኩ። ነገ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ፊርማው ብቻ ቀጠለ። ምን ቁርጥ አድርጎኝ? ሰባት ዓመት የሚያስቀምጥ አለ አይደል እንዴ? እትዬ ማስመሪያ ደግሞ ዲስኩን ከፍተው አላዩም። ለእሳቸው ፊርማ ማለት ቃል ነው፤ ሰው በቃሉ ላይ ቆሞ ይዋሻል ብለው አያስቡም።

በአምስተኛው ወር ትኬት ቆራጯ መጣች። አውቶቡስ ጣቢያ መስኮት ላይ የምትሠራ፣ ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ሳቋ የሚቀድማት ሴት ናት። ዕጢው አፍንጫዋ ውስጥ ነበርና ሊነሳላት ቀጠሮ ተይዞላታል። አፍንጫዋ መሀሉ ላይ ጉብ ያለ፣ ወደ ግራ ትንሽ የዘመመ ነው። ስካነሩ እየዞረባት ታወራለች። አባቷ ቤት እንዳላወረሳት፣ መሬት እንዳላወረሳት፣ ይህቺን አፍንጫ ብቻ ትቶላት እንደሞተ፣ ልጅ እያለች ስለሚስቁባት በጎን በኩል ፎቶ ተነስታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና “አደራ፣ ጉብታዋን እንዳታስተካክሏት። አባቴ እንዲያውቀኝ እፈልጋለሁ” አለችኝ። ቅርጹ እዚህ ተቀምጧል፣ አትስጊ አልኳት።

በስድስተኛው ወር ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ የበሽተኞች መረጃ ከአገር ውጭ እንዳይቀመጥ የሚል ነው። የኛ ደግሞ ውጭ ነበር። እትዬ ማስመሪያ ሻጩን ቁም ስቅሉን አሳዩት። ድርጅቱ በዚያው ሰሞን አገር ውስጥ ማከማቻ ከፍቶ ስለነበር መረጃችን ሁሉ ወደዚያ ተዛወረ። ውጭ የቀረው ቅጂ፣ መጠባበቂያው ሳይቀር፣ እንዲደመሰስና ለመደምሰሱ ማረጋገጫ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ማረጋገጫው ማኅተም ተመትቶበት መጣ። ያን ቀን የነበራቸውን ደስታ አልረሳውም፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አሳዩኝ። ለዝውውሩ ማሻሻያ ውል ተፈርሟል፤ አንድ ገጽ ናት። አትመው፣ በማስመሪያ አንብበው ነው የፈረሙት።

ትኬት ቆራጯ ቀዶ ሕክምናዋ ተሳካ፤ ጨረሯንም ጨረሰች። ስካነሩ ካነሳት በዓመት ከአንድ ሳምንቷ በቀጠሮዋ መጣች፣ መሀል ፊቷን በፋሻ ሸፍና። ቆዳዋ ገና ቀይ ነው፣ እብጠቱም አልወረደም። እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ ልክ አይያዝም። ስድስት ሳምንት ጨምሬ መለስኳት። ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ቢሆን እመልሳታለሁ። ግን ያን ቀን ፋይሏን ብከፍተው ኖሮ እላለሁ፤ አልከፈትኩትም፣ ልኩ ሳይያዝ ምን ይሠራል ብዬ።

ስድስት ሳምንቱ አልቆ መጣች። መስታወቱ ፊት አስቀመጥኳት፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ። ቅርጹ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ የማቆያ ጊዜው ስላለፈ ይዘቱ ተሰርዟል ይላል። ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። እሷ በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች። ማሽኑ ታሟል ብዬ ወደ እትዬ ማስመሪያ ሮጥኩ።

እሳቸው ደግሞ ተረጋግተው ነበር። ሰባት ዓመት ነው፣ ስህተቱ የነሱ ነው አሉና ፋይሉን አወጡ። ሻጩን የስልኩን ድምፅ እኔም እንድሰማ ከፍ አድርገው አነጋገሩት። ልጁ ማሻሻያውን እንዲያነቡ ጠየቃቸው። አነበቡ። የመጀመሪያው መስመር ይህ ማሻሻያ አባሪ ሁለትን ሙሉ በሙሉ ይተካል ይላል። ቦታው፦ አገር ውስጥ ብቻ። ማውጣት፦ እንደ በፊቱ። ማቆየት፦ በአካባቢው የአገልግሎት ማቆያ ደንብ መሠረት። ይሄ ታዲያ ሰባት ዓመት ማለት አይደለም? አሉት። የለም፣ ደንቡን ይክፈቱት አላቸው።

“ምኑን ነው የምከፍተው?”

“ሊንኩን ነዋ። ከሥሩ የተሰመረበትን።”

ወረቀቱን አየሁት። የአገልግሎት ማቆያ ደንብ ከሚለው ሥር መስመር አለ። በስክሪን ላይ ሰማያዊ የሆነው፣ ሲነካ ሌላ ገጽ የሚከፍተው ቃል በወረቀት ላይ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል። እትዬ ማስመሪያ ቃሉ ትኩረት እንዲሰጠው የተሰመረበት መስሏቸው ነበር። እንደውም በቀይ አክብበው ጎኑ ላይ “ተስማምተናል፣ 7 ዓመት” ብለው ጽፈውበታል። ገጹን እኔው ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩላቸው። በኛ ዓይነት ክፍያ አገር ውስጥ ባለው ማከማቻ ላይ አሥራ ሁለት ወር ያልተከፈተ ፋይል ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተጠየቀ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመጠባበቂያውም ይጠፋል። ቀኑን ቆጠርን። ያለፈን አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ስድስት ሳምንት ጨምሬ ስመልሳት ገና ጊዜ ነበረን።

ማስጠንቀቂያ አልላካችሁም? አሉት። ልከናል አለ። እውነቱን ነው። የመጣው ኢሜይል ታትሞ፣ ተበስቶ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። ዘጠኝ ፋይሎች በማቆያ መርሐ ግብሩ መሠረት ይስተናገዳሉ፣ ከእርስዎ የሚጠበቅ ነገር የለም ይላል። ኅዳጉ ላይ በቀይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ “አባሪ 2ን ይመለከታል። ችግር የለም” ተብሎ ተጽፎበታል። ውጭ የነበረውን ቅጂ ደግሞ በራሳቸው ጥያቄ አስደምስሰዋል፤ ማረጋገጫው ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ነው። ስልኩን ዘጉት። ማስመሪያዋ ላይ አቀረቀሩ።

ከዚያ ቀና ሲሉ ፊታቸው በራ። ያ ፊት ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

“ዲስኩ!” አሉ። “ጀሶው፣ ዲስኩ አለ እኮ!”

እንዴት ብዬ እንደተነሳሁ አላውቅም። ቁም ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱ፣ ዲስኩን ራሳቸው ሰኩ። ሁለት ፎልደር አለ፤ የመጀመሪያው ወርና የሁለተኛው ወር። ወደ ታች አንሸራተቱ፤ ሌላ ነገር የለም። ወደ በሩ ዞሩና ወረቀቱን አዩት። ያ የሁለተኛው ዓመት ነው። ተመልሰው የመጀመሪያውን ዓመት ወረቀት ከፋይሉ አወጡ፤ አሥራ ሁለት ቀን፣ አሥራ ሁለት ፊርማ። ማስመሪያቸውን በአምስተኛው መስመር ሥር አስቀመጡ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ትኬት ቆራጯ ሄዱ።

ከዲስኩ በቀር ሁሉን ነገሯት። ቆመው ነው የነገሯት። ሆስፒታል የተነሳ ምስል እንዳላት ጠየቋት፤ ያላት በፊልም ታትሞ የተሰጣት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ቅርጽ አይወጣም። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። በፋሻዋ በኩል በሚያፏጭ ድምፅ እርስዎ ነዎት ያጠፉት? አለቻቸው።

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አሉ።

“ማንበብ የማይችል ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለምን ይቀመጣል?”

እኚያ ሴት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያነቡ የኖሩት ሴት፣ እንዲህ ተባሉ። አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሽርጤን ለብሼ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዝም አልኩ።

በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ጻፉ። ከማስገባታቸው በፊት እንዳነበው ሰጡኝ። ማሻሻያው አባሪ ሁለትን እንደሚተካ አለመገንዘባቸውን፣ ሊንኩን አለመክፈታቸውን፣ ማስጠንቀቂያውን በተሳሳተ ግምት ማለፋቸውን ጽፈዋል። መጨረሻው ላይ በየወሩ ቅጂ የማስቀረት አሠራር በእኔ ቸልተኝነት አልተዘረጋም ይላል። ውሸት ነው። በሕይወታቸው የጻፉት ውሸት እሱ ብቻ ይመስለኛል። እትዬ፣ ይሄ እኮ እውነት አይደለም አልኳቸው። የታጠፈውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

“ያቺ ልጅ አፍንጫ ትፈልጋለች” አሉኝ። “አንተን ቢያባርሩህ ማን ይሠራላታል? ውል የሚያነብ ሌላ ሰው ይገኛል።”

በዚያው ሳምንት ጡረታቸው ሦስት ዓመት ሲቀረው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ቀድደውት ሄዱ። ሌሎቹ ስምንት ፋይሎች ቀድመው የዳኑና አፍንጫም ጆሮም የተሠራላቸው ሰዎች ፋይሎች ስለነበሩ ሌላ የጠየቀን አልነበረም።

አፍንጫውን ሠራሁ። አራት ወር ለፋሁበት። ያሏት ፎቶዎች ሁሉ ፊት ለፊት የተነሱ ናቸው፤ ጉብታው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ከፊት አይታይም። በጣቷ አየር ላይ እየሣለች አሳየችኝ። ስድስት ጊዜ ቀረጽኩ፣ ስድስት ጊዜ አፈረስኩ። ሰባተኛውን ስገጥምላት በእጄ ከወጣው ሥራ ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ቀለሙ፣ የቆዳው ቀዳዳ፣ ሁሉ። መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየች። ያምራል አለችኝ። ቆይታ ደግሞ የማን ነው? አለችኝ።

እትዬ ማስመሪያን ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሦስቱንም ከበሩ ተመለስኩ። ከለቀቁ በሁለተኛው ዓመት ልባቸው ታሞ ሞቱ። ቀበርናቸው። ከቀብር በኋላ ወንድማቸው እጄን ያዘና መዳፌን ዳበሰው፤ ጠንካራነቱን ሲያገኝ ጀሶው አንተ ነህ? አለኝ። ስለ እጅህ ስታወራ ሰምቻለሁ አለ። ከሥራ ከወጣች ወዲህ ስታነብልኝ ተመልሳ ትደግም ነበር፤ መስመር አልዘለልሽም እያልኳትም ትደግም ነበር አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ለቀስተኛ መጣና እጄን ለቀቀኝ።

ሲሊኮን ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም፤ ጠርዙ ይደርቃል፣ ቀለሙ ይሄዳል። ስለዚህ ባለፈው ወር ትኬት ቆራጯ ለአዲስ መጣች። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ እኚያ የግዥዋ ሴትዮ የት እንደሚገኙ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ክፉ ቃል ተናግሬያቸዋለሁ፣ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ነው አለችኝ። ሞተዋል አልኳት። ሻርፗን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች።

ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዚያ ወጥቶ አያውቅም፤ ሸሚዝ ስቀይር አብሮኝ ይቀየራል። ዘርግቼ ሰጠኋት። በየወሩ ቅርጻችሁን እዚህ ዲስክ ላይ እንድገለብጥ ታዝዤ ነበር፣ አምስተኛው መስመር ያንቺ ነው፣ ፈርሜያለሁ፣ አልገለበጥኩም፣ እኚያ ሴት የኔን ጥፋት ነው የተሸከሙልኝ አልኳት። ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።

አነበበችው። ከላይ እስከ ታች፣ በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጮኻ ብትሰድበኝ፣ ብትተፋብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አሮጌውን አፍንጫ በገዛ እጇ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጋሼ፣ እርስዎ ስትለኝ የነበረች ሴት ናት። ፊቷን ወደ መብራቱ ቀና አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

“ሥራህን ሥራ” አለችኝ።